ቶሎ መርጨት፦ ስንት ደቂቃ ነው ኖርማል? ልምምዱስ እንዴት ይሠራል?

በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፤ «ቶሎ እጨርሳለሁ፣ ምን ልውሰድ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ዕድሜ ክልል ያሉ ወንዶች ናቸው። «ምን ልውሰድ» ከሚለው በፊት ግን «በእርግጥ ቶሎ ነው ወይ?» የሚለው ይቀድማል። ስለዚህ ከሰዓቱ እንጀምር።

በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በኔዘርላንድስ፣ በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በቱርክና በአሜሪካ ወደ 500 የሚጠጉ ጥንዶች ተሳትፈውበታል። ለአራት ሳምንት ያህል ግንኙነት ባደረጉ ቁጥር ሴቷ በሩጫ ሰዓት ትለካለች፤ ብልት ከገባበት እስከ ዘር መፍሰስ ያለውን ጊዜ ብቻ። ውጤቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረድሩት መካከል ላይ የተገኘው ቁጥር 5.4 ደቂቃ ነው። ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ የዘለለም፣ 44 ደቂቃ የቆየም አለ። ኮንዶም ማድረግ አለማድረጉ ልዩነት አላመጣም። ከቱርክ በስተቀር ባሉት አገሮች መገረዝ አለመገረዝም ለውጥ አልታየበትም።

አምስት ደቂቃ ከምናምን። በፊልም ያየነውና ጓደኞቻችን የሚያወሩልን «አንድ ሰዓት» የት እንደገባ እንግዲህ እነሱን ጠይቁ። ከአራት እስከ ሰባት ደቂቃ ቆይቶ «ችግር አለብኝ» ብሎ የሚጨነቅ ወጣት በሽታ የለበትም፤ የተሳሳተ መለኪያ ነው የያዘው። እሱ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ታዲያ ችግር የሚባለው መቼ ነው? ዓለም አቀፉ የወሲብ ሕክምና ማኅበር በ2014 ያጸደቀው ትርጉም ሦስት ነገሮች አንድ ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው የግንኙነት ልምድ ጀምሮ ሁልጊዜ ወይም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ከገባ በኋላ በአንድ ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ፤ ወይም ደግሞ ቀድሞ ደህና የነበረ ሰው ጊዜው በግልጽ ወርዶ ሦስት ደቂቃና ከዚያ በታች ከሆነ። ሁለተኛ፣ ማዘግየት አለመቻል። ሦስተኛ፣ ይሄ ነገር ሰውየውን ማስጨነቁ፣ ማናደዱ ወይም ከግንኙነት ማሸሹ። ረጅም ጊዜ ሳያደርጉ ቆይተው ወይም ከአዲስ ሰው ጋር የመጀመሪያው ቀን ላይ ቶሎ መጨረስ ማንም ላይ ይደርሳል።

ከየት ይመጣል?

ከመጀመሪያ ጀምሮ የነበረና በኋላ የመጣ ብለን ለሁለት እንክፈለው፤ ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያልና።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረው በአብዛኛው የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል አለ። ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ የመርጨት ሂደቱን እንደ ፍሬን መያዝ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ፍሬን ላላ ይላል። በዘር የመውረድ ድርሻም አለው። ስለዚህ «ልጅ ሆኜ ሴጋ ስለመታሁ ነው የተበላሸሁት» የሚለው ጭንቀት መሠረት የለውም፤ ሴጋ ይህን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። ድክመትም፣ ወንድነት ማነስም አይደለም።

በኋላ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ነገር አለ፣ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ብዙዎች የማይጠረጥሩት የታይሮይድ ዕጢ ነው። አንገት ላይ ያለው ይሄ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ ሙቀት አይቻልም፤ ከዚህ ጋር ብዙ ወንዶች ቶሎ መጨረስ ይጀምራሉ። ዕጢው ሲታከም ብዙዎቹ ላይ ያለ ሌላ መድኃኒት ይስተካከላል። የእንቅርት ችግር በሰፊው ባለበት አገራችን ይሄን ማወቅ ጥሩ ነው። ሌላው የፕሮስቴት ዕጢ መቆጣት ነው፤ ሲሸኑ ማቃጠል፣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቦታ ሕመም፣ ሲረጩ ማመም ካለ እሱን መጠርጠር ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚምታታው ግን የብልት መቆም ችግር ነው። ብልቱ እንዳይተኛበት የሚፈራ ሰው ሳያውቀው ይቸኩላል፤ «ሳይወድቅ ልጨርስ» እያለ ሩጫ ይገባል። ውጭ ለሚያይ ቶሎ መርጨት ይመስላል፣ ሥሩ ግን የመቆሙ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው መጀመሪያ የሚታከመው ለመቆሙ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይሻሻላል። ጭንቀት ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ያባብሳል፦ ትላንት ቶሎ ስለጨረሰ ዛሬ ይፈራል፣ ስለፈራ ዛሬም ቶሎ ይጨርሳል።

ማቆምና መቀጠል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ1956 ጄምስ ሴማንስ የሚባል አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም አንድ ቀላል ዘዴ ጻፈ፤ እስከ ዛሬም የልምምዱ መሠረት እሱ ነው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ቶሎ የሚጨርስ ሰው ብዙ ጊዜ ከ«ገና ነኝ» ወደ «አለቀ» ሲዘል መካከሉን አይሰማውም። ስለዚህ ሰውነቱ ወደዚያ ሲቃረብ የሚሰጠውን ምልክት እንዲያውቅ፣ ደርሶ እንዲመለስ፣ እንደገና እንዲደርስ ማለማመድ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ሰው እናስብ። 27 ዓመቱ ነው፣ ካገባ ስምንት ወር ሆኖታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ 40 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚቆየው። ብልቱ በደንብ ይቆማል፣ የሚያመው ነገር የለም። ሚስቱ ምንም አላለችውም፣ እሱ ግን ማምሻውን ሥራ አለብኝ እያለ ዘግይቶ መግባት ጀምሯል።

የመጀመሪያው ሥራ ቁጥር መስጠት ነው። 1 ምንም ስሜት የለም፣ 10 መርጨት ነው እንበል። 9 ላይ ሲደርስ መመለሻ የለም፤ ሰውነቱ ሂደቱን ጀምሮታልና ከዚያ ወዲያ ቢያቆምም ይፈሳል። የሚያስፈልገው 7ን ማወቅ ነው። 7 ላይ ምን ይሰማል? አብዛኛው ሰው ላይ ትንፋሽ ይቆረጣል፣ ጭንና ቂጥ ይወጠራል፣ የዘር ፍሬዎች ወደ ላይ ይሳባሉ። እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለብቻው፣ በደረቅ እጅ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለ15 ደቂቃ ያህል ይለማመዳል። 7 ሲደርስ እጁን ያነሳል። ትንፋሹን በአፍንጫ ወደ አራት ቆጥሮ ይስባል፣ ወደ ስድስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ያስወጣል፣ ጭኑንና ሆዱን ያላላል። ስሜቱ ወደ 3 ወይም 4 ሲወርድ (ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል) እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካቆመ በኋላ አራተኛው ላይ ይለቀዋል። ብልቱ በመሀል ትንሽ ቢላላ ምንም ማለት አይደለም፣ ይመለሳል። በሃይማኖት ምክንያት ለብቻው መለማመድ የማይፈልግ ሰው ይሄን ዘሎ ከሚስቱ ጋር በቀጥታ መጀመር ይችላል፤ ሴማንስም መጀመሪያ የጻፈው ለጥንዶች ነበር።

ሦስትና አራት ደቂቃ ሳይረጭ መቆየት ከቻለ ያንኑ በማለስለሻ ይደግማል፤ እርጥበቱ ስሜቱን ወደ እውነተኛው ግንኙነት ያስጠጋዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ቫዝሊን፣ ዘይትና ቅቤ የላቴክስ ኮንዶምን ይበጥሳሉ። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ግዙ።

ቀጥሎ ሚስቱ ትገባበታለች፣ በእሷ እጅ ይደግሙታል። «ቆይ» የሚለውን ቃል እሱ ነው የሚለው። ይሄ ደረጃ ከሁሉም የሚከብደው ለዚህ ነው፣ ስለ ነገሩ ማውራት ግድ ይሆናልና። ለእሷ ምን እየሠሩ እንደሆነ ሳይነግሩ በመሀል ድንገት ቀጥ ማለት «ምን አጠፋሁ?» ያሰኛል። በቀን፣ ልብስ ለብሶ፣ ቡና ላይ አስቀድሞ ማውራት ከአልጋ ላይ ማብራሪያ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ግንኙነቱ። መጀመሪያ እሷ ከላይ ሆና፣ ገብቶ ያለ እንቅስቃሴ ለአንድና ሁለት ደቂቃ መቆየት ብቻ። እሷ ከላይ ስትሆን የእሱ ጭንና ሆድ አይወጠርም፣ ፍጥነቱንም ለመቆጣጠር ይቀላል። ያ ሲለመድ በቀስታ መንቀሳቀስ፣ 7 ላይ ማቆም። ወንዱ ከላይ የሚሆንበት አቀማመጥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ጡንቻው በጣም ስለሚወጠር። ሁሉም ደረጃ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። የእኛ ሰው ከ40 ሰከንድ ተነስቶ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ከደረሰ ጥሩ ውጤት ነው፤ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? አብዛኛው ሰው የሚያቆመው 7 ላይ ሳይሆን 9 ላይ ነው፤ ከዚያ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» ይላል። በመሀል ሁለት ጊዜ ካመለጣችሁ ቀጣዩን ቀን 5 ላይ አቁሙ። ሌላው ሐሳብን ማስቀየስ ነው፤ ስለ ኳስ ማሰብ፣ ከ100 ወደ ኋላ መቁጠር። ይሄ ልምምዱን ይቃረናል፣ ምልክቱን እንድትሰሙ ነው የሚፈለገው፣ እናንተ ግን ከስሜታችሁ እየሸሻችሁ ነው። ሦስተኛው ልምምዱን መተው ነው። ለውጡ ከመጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ ያቆሙ ሰዎች ላይ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይመጣል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ መመለስ ያስፈልጋል።

የብልት ጫፍን ለጥቂት ሰከንዶች ጨምቆ የመያዝ ዘዴም አለ፤ ማስተርስና ጆንሰን በ1970 ያስተዋወቁት ነው። ይሠራል፣ ግን ብዙ ጥንዶች አይመቻቸውም። እኔ ብመርጥ የሴማንስን እመርጣለሁ።

የዳሌ ጡንቻ

ሽንታችሁን በመሀል የምታቆሙበት፣ ወይም ሰው ፊት ፈስ የምትይዙበት ጡንቻ አለ። እሱ ነው። ለማወቅ ያህል አንዴ በሽንት ሞክሩት፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽንት ላይ አትለማመዱ። ለአምስት ሰከንድ መሳብ፣ ለአምስት ሰከንድ ሙሉ ማላላት፣ አሥር ጊዜ፤ ይሄን በቀን ሦስቴ። ሆድ፣ ጭንና ቂጥ መንቀሳቀስ የለባቸውም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁም ማንም ሳያውቅ ይሠራል።

ጣሊያን ውስጥ በ2014 የታተመ ጥናት ከመጀመሪያው ጀምሮ ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆዩ የነበሩ 40 ወንዶችን ለ12 ሳምንት በባለሙያ እየተመሩ አሠለጠነ። 33ቱ ተሻሻሉ፤ አማካይ ጊዜያቸው ከ32 ሰከንድ አካባቢ ወደ 146 ሰከንድ ገደማ ወጣ። ትንሽ ጥናት ነው፣ በዚያ ላይ ባለሙያ አብሯቸው ነበር፣ ያን አትርሱ። ደግሞ አንዳንድ ሰው ጡንቻው የደከመ ሳይሆን ከመጠን በላይ የተወጠረ ነው። ልምምዱ ከጀመራችሁ ወዲህ ሕመም ከመጣ ወይም ሽንት ለመጀመር ካስቸገራችሁ አቁሙት፣ ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ ማላላቱ ነው።

ወደ መድኃኒቱ

የእኛ ሰው ሦስት ወር ሠርቶ ካልበቃው፣ ወይም ችግሩ ትዳሩን እየነካ ከሆነና መጠበቅ ካልቻለ፣ ልምምዱን ሳይተው መድኃኒት መጨመር ይችላል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

ቀላሉ የሚያደነዝዝ ቅባት ነው፤ ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የያዘ። የብልት ጫፍና ከሥሩ ባለው ስስ ቆዳ ላይ በትንሹ ይቀባል፣ ከግንኙነት 20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት፤ ከዚያ በደንብ ይታጠባል። መታጠቡ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ካልታጠበ ሴቷንም ያደነዝዛታል፣ «እኔ ምንም አልተሰማኝም» የምትለውም ለዚህ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ከተተወ ደግሞ ብልቱ ራሱ ደንዝዞ ሊተኛ ይችላል።

ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተሠራው ኪኒን ዳፖክሴቲን ይባላል። ከ2009 ጀምሮ በአውሮፓ አገሮች ተፈቅዷል፣ በአሜሪካ ግን አልተፈቀደም። 30 ሚሊግራም፣ ከግንኙነት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በፊት፣ ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴ ብቻ። ጊዜውን ወደ ሁለት ተኩልና ሦስት እጥፍ ያሳድጋል፤ 40 ሰከንድ ሁለት ደቂቃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞርና ራስ ምታት ያመጣል፣ ጥቂቶችን ራሳቸውን ያስታቸዋል። ከአልኮል ጋር አይወሰድም፣ የልብ ችግር ላለበት፣ የድብርት መድኃኒት ወይም ትራማዶል ለሚወስድ ሰው ክልክል ነው።

ሐኪሞች የድብርት መድኃኒቶችንም ያዝዛሉ፤ ፓሮክሴቲንና ሰርትራሊንን የመሰሉ፣ በዝቅተኛ መጠን በየቀኑ የሚወሰዱ። ቅድም ያልነውን የሴሮቶኒን ፍሬን የሚያጠብቁት እነዚህ ናቸው። ከእነሱም ፓሮክሴቲን ጠንካራው ነው። ውጤቱ በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። ታዲያ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በድንገት ካቆማችሁት ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መረበሽ ይመጣል፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት፣ የዘር ፈሳሽ ጥራትን ሊቀንስ ይችላል። ወጣቶች ላይ በመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል ከ25 ዓመት በታች ያላችሁ ያለ ሐኪም በፍጹም አትጀምሩት።

ሰፈር ውስጥ ስለሚባለው

ትራማዶል። እውነቱን እንናገር፣ መርጨትን ያዘገያል። ለዚህም ነው የተስፋፋው። ግን ከሞርፊን ቤተሰብ የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ መጠኑ ሲጨምር የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ትንፋሽንም ያፍናል። ለዚህ ብሎ ጀምሮ ሌሊት ያለሱ መተኛት ያልቻለ ሰው፣ ቶሎ መጨረሱ ከችግሮቹ ትንሹ ይሆንበታል።

ቪያግራ ለመቆም እንጂ ለማዘግየት የተሠራ አይደለም። ቅድም ያልነው በመቆም ፍርሃት የሚቸኩል ሰው ይጠቀምበታል፣ ሌላው ግን የቆመ ብልት ይዞ እንደ ድሮው ቶሎ ይጨርሳል። የደረት ሕመም መድኃኒት የሆነውን ናይትሬት ከሚወስድ ሰው ጋር ከተቀላቀለ የደም ግፊትን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ይጥላል። በኦንላይን «የተፈጥሮ ቅመም» ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶች ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ባደረጋቸው ምርመራዎች የተደበቀ የቪያግራ ንጥረ ነገር ደጋግሞ አግኝቷል። ጫት ደግሞ ለዚህ ሲባል የሚቅሙ አሉ፤ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ግን ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ሳይፈልጉ ዘር መፍሰስ ነው።

ሐኪም ዘንድ

የምትሄዱት ወደ ሽንት ቧንቧ ሐኪም ነው፣ እሱ ከሌለ ጠቅላላ ሐኪምም ይጀምርላችኋል። የሚጠይቃችሁ ቀላል ነው፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ደቂቃ በግምት፣ ከሁሉም ሰው ጋር ነው ወይ፣ ብልት በደንብ ይቆማል ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረና ሌላ ምልክት የሌለው ከሆነ ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በቅርብ የመጣ ከሆነ ግን የታይሮይድ የደም ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ «ከገባ በኋላ አንድ ደቂቃ አልቆይም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው» የሚለውን በስልካችሁ ኖት ላይ ጽፋችሁ አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን እሱ ይቀጥላል።